የ35 ደቂቃ ልምምድ፦ ለኮድ ቃለ መጠይቅ በሰዓት የተገደበ ዝግጅት

ለሶፍትዌር ሥራ የሚደረግ የኮድ ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ ትውውቁና ተፈታኙ በመጨረሻ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች አሥር ደቂቃ ያህል ስለሚወስዱ፣ ለዋናው ጥያቄ የሚተርፈው 35 ደቂቃ ነው። ልምምዱም በዚሁ ልክ መሆን አለበት፤ ሰዓት ሳይያዝ ግማሽ ቀን ተሠርቶበት የተፈታ ጥያቄ ስለ አልጎሪዝሙ ቢያስተምርም፣ ጊዜው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚባክን አያሳይም።

የተለመደው አከፋፈል የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ጥያቄውን ለመረዳት ይመድባል። በዚህ ጊዜ ኮድ አይጻፍም፤ ተለማማጁ ጥያቄውን በራሱ አነጋገር ይደግመዋል፣ ግብዓቱ ባዶ ሊሆን ይችል እንደሆነና ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ይጠይቃል፣ አንድ ትንሽ ምሳሌም በእጁ ይሠራል። ቀጣዮቹ ሰባት ደቂቃዎች ቀላሉን መፍትሔ ከነድካሙ ተናግሮ የተሻለውን ለመፈለግ ናቸው። አሥራ አምስቱ ለመጻፍ፣ የቀሩት ስምንቱ ደግሞ የተጻፈውን ኮድ ሳያስኬዱ መስመር በመስመር ለመከተል ይውላሉ። ልምምዱ ኮድ በማይጠቁም ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ፣ ድምፅ እያሰሙ ቢደረግ ይመረጣል። በተለይ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ የሚካሄድ ከሆነ፣ በአማርኛ እያሰበ የሚሠራ ሰው ሐሳቡን ከመጻፍ ጋር እኩል በእንግሊዝኛ ማስረዳትን ለብቻው መልመድ ያስፈልገዋል።

የጥያቄዎቹ ዓይነቶች ብዙ ቢመስሉም በምልክታቸው ይለያሉ። የተደረደረ ዝርዝር ሲሰጥ በቅድሚያ የሚታሰበው ባይነሪ ሰርች ነው። እኩል ክብደት ባላቸው መንገዶች መካከል አጭሩን ማግኘት ግራፍን በደረጃ በደረጃ ማሰስን ይጠይቃል። «በስንት መንገድ ይቻላል» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወደ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ያመራል። ተከታታይ ክፍልን የሚመለከት ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ጠቋሚዎች ያሉት ተንሸራታች መስኮት ይሞከራል፤ የዚህን ዓይነት አንድ ጥያቄ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል።

ጥያቄው በአንድ ስትሪንግ ውስጥ ፊደል የማይደገምበትን ረጅሙን ተከታታይ ክፍል ርዝመት ማግኘት ነው። `abcabcbb` ቢሰጥ መልሱ 3 ነው። ቀላሉ መፍትሔ ከእያንዳንዱ ፊደል ተነሥቶ ድግግሞሽ እስኪገኝ ወደ ፊት መሄድ ሲሆን፣ 100,000 የተለያዩ ምልክቶች ባሉት ስትሪንግ ላይ ወደ አምስት ቢሊዮን እርምጃ ይፈጃል። ይህን ቁጥር ለጠያቂው መናገር የተሻለ መንገድ የሚፈለግበትን ምክንያት ያስረዳል። የተሻለው መንገድ እያንዳንዱ ፊደል መጨረሻ የታየበትን ቦታ መዝግቦ፣ ድግግሞሽ ሲመጣ የመስኮቱን ግራ ጫፍ ከዚያ ቦታ ቀጥሎ ወዳለው ማሻገር ነው፦

```python
def longest(s):
    last = {}
    left = best = 0
    for i, c in enumerate(s):
        if c in last:
            left = last[c] + 1
        last[c] = i
        best = max(best, i - left + 1)
    return best
```

ይህ ኮድ ለተሰጠው ምሳሌ 3 ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ነገር ግን ስሕተት አለበት። የመጨረሻዎቹ ስምንት ደቂቃዎች ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል። `abba` በእጅ ሲሠራ፣ ሁለተኛው `b` ሲደርስ `left` 2 ይሆናል። ከዚያ የመጨረሻው `a` ሲመጣ መዝገቡ `a`ን ቦታ 0 ላይ ስለሚያስታውስ `left` ወደ 1 ይመለሳል፤ መስኮቱ `bba`ን ይዞ ርዝመቱን 3 ይላል፣ ትክክለኛው መልስ ግን 2 ነው። የግራው ጫፍ ፈጽሞ ወደ ኋላ መመለስ የለበትም፤ ስለዚህ ሁኔታው እንዲህ ይስተካከላል፦

```python
        if c in last and last[c] >= left:
```

በጥያቄው ምሳሌ ብቻ የሚፈትሽ ሰው ይህን ስሕተት አያገኘውም። የመፈተሻ ግብዓት ሲመረጥ ባዶ ስትሪንግ፣ አንድ ፊደል፣ ሁሉም ተመሳሳይ የሆነበትና ከመስኮቱ የወጣ ፊደል ተመልሶ የሚመጣበት ቢካተቱ ይበቃል።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሥራው ባያልቅም ልምምዱ ይቆማል፤ «አምስት ደቂቃ ብቻ» እያሉ ማራዘም ልኬቱን ያበላሻል። ቀጥሎ አንድ መስመር ይመዘገባል፦ የጥያቄው ዓይነት፣ የትኛው ደረጃ ከተመደበለት ጊዜ እንዳለፈና ምክንያቱ። መዝገቡ ደጋግሞ መጻፍ ላይ መዘግየትን ካሳየ ችግሩ የቋንቋው ልምድ ማነስ ነውና፣ አዲስ ጥያቄ ከመጨመር የተፈቱትን ከባዶ ገጽ እንደገና መጻፍ ይሻላል። መዘግየቱ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከሆነ ግን የአንድ ዓይነት ጥያቄዎችን በተከታታይ መሥራት ያዋጣል። ያልተፈታው ጥያቄ መፍትሔው ከተነበበ በኋላ ከጥቂት ቀናት ቆይታ ጋር በዚያው 35 ደቂቃ እንደገና ይሞከራል፤ በዕለቱ መድገም የሚፈትነው ትዝታን ብቻ ነውና።