ለሦስተኛ ጊዜ ኢንትራንስ ለሚፈተን ሰው የሚተረቱ ተረቶች፦ የተሳሳተው አረዳድና እውነታው

«ቲቸር፣ ዘንድሮ ስፈተን ሦስተኛዬ ነው። እናቴ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ትለኛለች፤ ጎረቤት ደግሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላል። የቱን ልስማ?»

ጠያቂዋ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ እየወጣች ደሴ ቲቶሪያል የምትማር የናቹራል ልጅ ናት። ሁለቱንም ስሚ አልኳት፤ ግን እስከ መጨረሻቸው። ሰው ተረት ሲወረውር ግማሹን እቤቱ ትቶ ይመጣል።

«ቀስ በቀስ ማለት ታገሺ፣ ጊዜው ሲደርስ ይሆናል ማለት ነው»

ይህን የሚል ሰው ዶሮ አስታቅፎ አያውቅም። እንቁላል ጫጩት ለመሆን 21 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በነዚያ ቀናት ግን ጊዜ ብቻውን የሚሠራው ሥራ የለም። እናቲቱ ጥሬ ለመልቀምና ውሃ ለመጎንጨት ብድግ ትልና ቶሎ ትመለሳለች፤ እንቁላሎቹን እያገላበጠች ሙቀቱን ለሁሉም ታዳርሳለች። ሳይታቀፍ ጥግ ላይ የተቀመጠ እንቁላልም ያው 21 ቀን ያልፍበታል፤ ሲሰብሩት ግን ሽታው ይናገራል።

ሌላም አለ። አውራ ያልነካው እንቁላል ቢታቀፉት ቢታቀፉት ጫጩት አይወጣውም። ነገሩን የሚያውቁ ሴቶች ታዲያ 21ኛውን ቀን አይጠብቁም፤ በሳምንቱ ግድም ጨለማ ውስጥ በባትሪ ያዩታል። ደም ሥር ከታየ ይመለሳል፣ ጠርቶ ከታየ ይወጣል። ጥናትም እንዲሁ በሳምንቱ ባትሪ ይበራበታል። አርብ ማታ ደብተሩን ዘግተሽ፣ በዚያ ሳምንት ካነበብሽው ምዕራፍ አሥር ጥያቄ ሥሪ። ከአሥሩ ሦስት ብቻ ከመለስሽ ያ ሳምንት ታቅፎ አልነበረም፤ ሰኔ ደርሶ ከማወቅ አርብ ማወቁ ይሻላል።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ፤ በሁለቴ ያልሆነ በሦስተኛውም አይሆንም»

ተረቱ ስንት ጊዜ ተወቀጠ ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሙቀጫው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ነው፤ መለያውንም በድምፅ ይነግረናል። ውሃ በመጀመሪያው ዘነዘናም በመቶኛውም «እንቦጭ» ይላል። የገብስ ድምፅ ግን እየተለወጠ ይሄዳል። ገብስ ሲፈተግ ያየ ያውቀዋል፦ ውሃ ረጨት ይደረግበትና ይወቀጣል፣ ገለባው ሲላቀቅ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በሰፌድ ይበጠራል፣ ያልለቀቀው ተመልሶ ሙቀጫ ይገባል። እዚህ ላይ ደጋግሞ መውቀጥ ሥራው ራሱ ነው። ሳያበጥሩ መልሶ መውቀጥ ግን ክንድ ማድከም ነው።

የልጅቷን ሁለት ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጥነው። በመጀመሪያው ዓመት እንግሊዝኛ 52፣ አፕቲቲዩድ 50፣ ሒሳብ 33፣ ፊዚክስ 35፣ ኬሚስትሪ 38፣ ባዮሎጂ 40፤ ድምሩ ከ600 ላይ 248። በሁለተኛው 55፣ 54፣ 34፣ 36፣ 40፣ 42፤ ድምሩ 261። ጎረቤቷ ይህን ቢያይ «እንቦጭ» ማለቱ አይቀርም፣ ሙሉ ዓመት ተጠንቶ 13 ነጥብ! እኔ ግን ያየሁት ሒሳብንና ፊዚክስን ነው። አንድ አንድ ነጥብ። ዓመቱን በምን እንዳሳለፈችው ስጠይቃት ባዮሎጂ የ12ኛን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ጨርሳለች፤ ሒሳብ ላይም ከ12ኛ ክፍል ዎርክሺት ወርዳ አታውቅም።

ከኦልድ ኢግዛም 40 የሒሳብ ጥያቄ መርጬ ሰዓት ይዤ ሰጠኋት። 14 አገኘች። የሳተቻቸውን 26 ጥያቄዎች አንድ በአንድ አበጠርናቸው። ስድስቱን ሰዓት አልቆባት አልደረሰችባቸውም። ዘጠኙን ከነጭራሹ አታውቃቸውም። የቀሩት 11 ግን ሐሳባቸው ገብቷት መሐል ላይ የተሰበሩ ናቸው፦ ክፍልፋይ ማቃለል፣ የኃይል ቁጥር ሕግ፣ ሎጋሪዝም መፍታት። ይህ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ዕዳ ነው፤ ፈተናው ደግሞ ከታች ክፍሎችም ይጠይቃል። ለማለፊያው 300 የጎደላት 39 ነጥብ ነው። ከሒሳብ 12፣ ከፊዚክስ 12፣ ከኬሚስትሪ 8፣ ከእንግሊዝኛ 7 ብለን አከፋፈልነው። ባዮሎጂ ባለበት ይቆይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት 12ኛ ክፍል መጽሐፍ እንዳትከፍት ስነግራት እናቷ አኮረፉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ለጆሮ ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል። ዘጠኙን የማታውቃቸውን ኋላ እናያቸዋለን፤ ሁሉንም ላድርስ ያለ ተፈታኝ ከሁሉም እንደጎደለ ይገባል።

«ሶብር አድርጊ፣ የተጻፈልሽ አይቀርም»

ወሎ ውስጥ «አብሽር» እና «ሶብር» የሁሉም ሰው ቃል ናቸው፤ ክርስቲያኑም ይላቸዋል። ብዙው ሰው ግን ሶብርን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ያደርገዋል። ቃሉ በዐረብኛ ሥሩ መግታት፣ መያዝ ነው። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሌን አስሬ በአላህ ልመካ ወይስ ፈትቼ ልመካ ብሎ ሲጠይቃቸው «እሰራትና ተመካ» አሉት። ሰኞ ባቲ ግመል ገበያ የወረደ ሰው ማሰሪያው ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ለዚህች ልጅ ማሰሪያው ስልኳ ሆነ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እናቷ ዘንድ ይቆያል፣ ይገታል። ከዚያ ወዲያ ያለው የዱዓ ነው።

«ሞኝን እባብ ሁለቴ ነደፈው»

ይሄ በፌዝ የሚጣል ነው። ሙሉው ግን «አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» ብሎ ይጨርሳል። ሳያይ በመነደፉ ማንም ሞኝ አላለውም። መነደፉማ የብዙ ሰው ነው፤ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ሞኝነቱ የመጣው ጉድጓዱን እያወቀ፣ «እዚህ ነው የነደፈኝ» ሊል ጣቱን ሲከት ነው።

ስለዚህ ደብተሯ መጨረሻ ላይ «ጉድጓድ» የሚል ገጽ አለ። አንድ ዓይነት ስህተት ሁለቴ ሲመጣ ብቻ እዚያ ይጻፋል። ባለፈው ሳምንት ሳየው መጀመሪያው መስመር ላይ ይህ ነበር፦

−2x > 6 → x > −3

በነጌቲቭ ስታካፍል ምልክቱን መገልበጥ ረስታለች። x < −3 ነው። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጭረት አድርጋለች፤ ሦስት ጊዜ ነድፏታል ማለት ነው። አራተኛዋን ጭረት እስካሁን አላየሁም።