«ያው ማስመሰል ነው» እና ሌሎች ስለ ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ የሚባሉ ነገሮች

«ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ ማለት በአማርኛ ግብዝነት ነው።»

ግብዝ ሰው ሌላ ይናገራል፣ ሌላ ይሠራል፣ ማታ ደግሞ ለጥ ብሎ ይተኛል። እዚህ የምናወራው እንቅልፍ ስለሚነሳው ነገር ነው። ስሙን ያወጣለት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1957 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አንድ ሰው የሚያውቀውና የሚያደርገው ሳይጣጣሙ ሲቀሩ ውስጡን ይቆረቁረዋል። ቁርቁሩ እንደ ረሃብ ነው፤ እስኪታገስ ድረስ ዝም ብሎ አያስቀምጥም።

ሐዋሳ ያለ አንድ ጓደኛዬ እሑድ እሑድ አሞራ ገደል ወርዶ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ ይበላል። ሥራው ምን መሰላችሁ? ላብራቶሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የትል እንቁላል ሲፈልግ ይውላል። ጥሬ ዓሣ ትል ሊያሲዝ እንደሚችል ከእኔ በላይ ያውቃል።

ከዚህ ቁርቁር መውጫው ብዙ ነው። አንደኛው መብላቱን መተው ነው፤ ግን እሑዱም ጓደኞቹም አብረው ሊቀሩ ነው። ስለዚህ ሌላ ሌላውን ይሞክራል። «ሎሚውና ሚጥሚጣው ይገድለዋል» ይላል። ትሉን በደንብ የሚገድለው ማብሰል ወይም ዓሣውን በኃይለኛ ቅዝቃዜ ለቀናት ማቆየት እንደሆነ እሱው ነው የነገረኝ። ቀጥሎ «በሳምንት አንዴ ምን አላት» ይላል። ከዚያ «አባቶቻችን በልተው ምን ሆኑ?» ይመጣል። ልብ በሉ፣ እኔ ምንም አልጠየቅኩትም። ገና ዓሣው ሳይቀርብ ነው ይህን ሁሉ የደረደረው። ማንም ሳይጠይቅ የሚመጣ ምክንያት ስሰማ ዲሶናንስን እጠረጥራለሁ።

«ለመወሰን ስንቸገር የሚሰማን ጭንቀት ነው።»

እሱ ሌላ ነው፤ ከውሳኔ በፊት የሚመጣ ማመንታት ነው። ዲሶናንስ የሚጀምረው ከወሰንን በኋላ፣ በተለይም መመለሻ ሲጠፋ ነው።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሁለት የኪራይ ክፍል አየሁ፤ አንዱ ሐይቅ ዳር፣ ሌላው መናኸሪያ አካባቢ። የሐይቅ ዳሩ ነፋሻ ነው፣ ግን ትንኙ አያድርስ። የመናኸሪያው ለሥራ ይቀርበኛል፣ ግን ጩኸቱ ከሌሊቱ ይጀምራል። ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን ከአንዱ ማስበለጥ አቃተኝ። በመጨረሻ ለሐይቅ ዳሩ የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልኩ። በሳምንቱ ቢሮ ውስጥ «መናኸሪያ እኮ ሰው የሚኖርበት አይደለም» እያልኩ ራሴን ያዝኩት። ክፍሎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የኔ ሚዛን ነው።

ጃክ ብሬም የተባለ ተመራማሪ ይህንን በ1956 ለክቶታል። ሴቶች ስምንት የቤት ዕቃዎችን አይተው ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጡ። ከዚያ ከሁለቱ አንዱን መርጠው እንዲወስዱ ተደረገ። እንደገና ነጥብ ሲሰጡ የመረጡት ከፍ አለ፣ የተዉት ወረደ። ልዩነቱ የሰፋው ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱን ዕቃዎች ተቀራራቢ ነጥብ ሰጥተዋቸው በነበሩት ላይ ነው። የኔም ጣጣ ይኸው ነበር፤ መናኸሪያው በጣም ቢብስ ኖሮ ማጣጣል ባላስፈለገኝ።

«ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲያገኝ ነው።»

በጣም የምወደው ሙከራ ይሄኛው ነው፤ ውጤቱ ከተለመደው ግምት ተቃራኒ ነውና። በ1959 ፌስቲንገርና ጄምስ ካርልስሚዝ የስታንፎርድ ተማሪዎችን ለአንድ ሰዓት ሆነ ብለው አሰለቿቸው። ግማሹን ሰዓት 12 የክር ማጠንጠኛዎችን በአንድ እጅ ትሪ ላይ መደርደር፣ ማራገፍ፣ እንደገና መደርደር። ቀሪውን ግማሽ ደግሞ ሰሌዳ ላይ የተተከሉ 48 ችካሎችን አንድ በአንድ ሩብ ዙር ማዞር። አለቀ፣ ሌላ ሥራ የለም።

ከዚያ ተማሪው አንድ ውለታ ይጠየቃል። ውጭ ተራዋን የምትጠብቅ ልጅ አለች፤ «ሥራው ደስ ይላል» ብለህ ንገራት ይባላል። ለዚህ ውሸት አንዳንዱ 1 ዶላር፣ አንዳንዱ 20 ዶላር ይከፈለዋል። ምንም እንዲዋሹ ያልተጠየቁም ነበሩ። በመጨረሻ ሁሉም «ሥራው ምን ያህል ደስ ይላል?» ተባሉ። መለኪያው ከ-5 እስከ +5 ነው። ያልዋሹት -0.45 ሰጡ። ሃያ ዶላር የወሰዱት -0.05፣ ማለትም ከእነሱ ብዙም አልራቁም። አንድ ዶላር የወሰዱት ግን 1.35 ሰጡ። ያ ድብርት የሆነ ሥራ ደስ አላቸው!

ሃያ ዶላር የወሰደው «ለገንዘብ ብዬ ነው የዋሸሁት» ይላል፤ ነገሩ ለእሱ በዚያው አበቃ። አንድ ዶላር የወሰደው ግን ለምን እንደዋሸ የሚያሳይ በቂ ምክንያት የለውም። የተናገረውን መልሶ መዋጥ አይችልም፤ የቀረው ስለ ሥራው ያለውን ስሜት ማለዘብ ነው።

ቤቱን ያሳየኝን ደላላ አስቡት። «ገነት ነው» ሲለኝ ትንኝ እያባረረ ነበር። ኮሚሽኑን ስለሚያገኝ ገነት ነው ብሎ ማመን አይጠበቅበትም። እኔ ግን በኋላ ከጎኔ ያለውን ክፍል ለሥራ ባልደረባዬ በአንድ ስኒ ቡና አሞገስኩለት። ስለ ትንኙ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ! ከዚያ በኋላ ትንኙ ለኔም ቀነሰብኝ። ከደላላው ይልቅ ያመንኩት እኔ ነኝ።

«ማስመሰል ነው እንጂ በልቡ እውነቱን ያውቃል።»

ማስመሰል ቢሆን ኖሮ አንድ እንክብል ባላስቆመው። በ1974 ማርክ ዛናና ጆኤል ኩፐር ተማሪዎችን ከራሳቸው አቋም ተቃራኒ የሆነ ጽሑፍ አጻፉ። አስቀድመው ግን ምንም መድኃኒትነት የሌለው እንክብል አዋጧቸው። ለአንዳንዶቹ «ትንሽ ያስጨንቃል»፣ ለሌሎቹ «ያረጋጋል» አሏቸው። «መጻፍ አለመጻፍ የራሳችሁ ምርጫ ነው» ከተባሉት መካከል «ያስጨንቃል» የተባሉት አቋማቸውን አልቀየሩም፤ የተሰማቸውን ቁርቁር በእንክብሉ አሳበቡ። «ያረጋጋል» የተባሉት ይበልጡን ቀየሩ። የሚያሳብቡበት ጠፋቸዋ! እንግዲህ የሚገፋን የእውነት የሚሰማን ነገር ነው፤ ሰው ፊት የምንለብሰው ጭምብል አይደለም።

«እንግዲያው ሐሳቡን የቀየረ ሰው ሁሉ ዲሶናንስ ይዞት ነው።»

ቀስ ነው። ሰው መረጃ አግኝቶም ይቀየራል፣ ለምዶም ይቀየራል። ንድፈ ሐሳቡ ራሱም ያልጠሩ ነገሮች አሉበት። በ2024 የወጣ በ19 አገሮች የተሠራ ትልቅ ጥናት ተቃራኒ ጽሑፍ የጻፉ ሰዎች አቋማቸው እንደሚለሳለስ አይቷል። «ፈልጌ ነው የጻፍኩት» ብሎ ማሰብ ለውጡን ያሰፋዋል የሚለው የቆየ ግምት ግን በዚያ ጥናት አልታየም።

እኔም ክፍሌን የወደድኩት ስለከፈልኩ ይሁን ስለለመድኩት መለየት ያቅተኛል። አንድ ምልክት ብቻ ይዣለሁ። ፍቅሩ የመጣው ገና ሳልገባበት፣ ብሩን በከፈልኩ ማግሥት ነው። አጎበሩን የገዛሁት ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት።