4s ከ3d የሚቀድመው ለምንድን ነው?

ፖታሲየም 19 ኤሌክትሮኖች አሉት። 18ቱ 1s² 2s² 2p⁶ 3s² 3p⁶ ላይ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ጀማሪ የሚሳሳተው 19ኛው ላይ ነው። ሦስተኛው ሼል ገና አልሞላምና 3d¹ ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው ግን 4s¹ ነው።

የሚቀድመው የሼሉ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛው ኢነርጂ ነው። የ4s ኤሌክትሮን በአማካይ ከኒውክለሱ ቢርቅም አንዳንዴ የውስጠኞቹን ኤሌክትሮኖች አልፎ እስከ ኒውክለሱ አጠገብ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ስበቱ ጠንከር ብሎ ይይዘዋል። 3d እንዲህ ስለማይዘልቅ በፖታሲየም ውስጥ ኢነርጂው ከፍ ይላል።

ተራውን ለማወቅ የሼሉን ቁጥር ከኦርቢታሉ ዋጋ ጋር ደምሩ፤ s 0፣ p 1፣ d 2 ነው። 4s 4+0=4፣ 3d ደግሞ 3+2=5 ይሆናል። ትንሹ ይቀድማል፤ ድምሩ እኩል ከሆነ የሼል ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል።

ብረትን እንጻፍ፤ 26 ኤሌክትሮኖች አሉት። 18ቱን የአርጎንን በ[Ar] እናሳጥርና 4s² እንሞላለን፤ የቀሩት 6ቱ 3d ይገባሉ፦ [Ar] 4s² 3d⁶። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚጥለው ግን Fe²⁺ ነው። ብረት 2 ኤሌክትሮን ሲያጣ መጀመሪያ የሚለቁት የ4s ናቸው፤ የሚቀረው [Ar] 3d⁶ ነው። 3d ኤሌክትሮን መያዝ ሲጀምር ኢነርጂው ይወርዳልና የአሞላሉ ተራ ለአወጣጡ አይሠራም። ክሮሚየምም ከደንቡ ያፈነግጣል፦ [Ar] 4s¹ 3d⁵።