ኬልቄዶን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ451 ኬልቄዶን ላይ የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ ክርስቶስ «በሁለት ባሕርያት» ነው ብሎ ወሰነ፤ የግብፅ፣ የአርመንና የሶርያ አብያተ ክርስቲያናት ግን አልተቀበሉትም። ከዚህ በታች በጥቅስ ምልክት ያሉት ርእሶች ስለዚህ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው።

«ግብፅ፣ አርመንና ሶርያ ጉባኤውን ያልተቀበሉት የአውጣኪን ትምህርት ስለያዙ ነው።»

አውጣኪ በቁስጥንጥንያ የገዳም አበምኔት ነበር። በ448 በፓትርያርክ ፍላብያኖስ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ሲመረመር፣ ክርስቶስ በሥጋው ከእኛ ጋር አንድ ባሕርይ መሆኑን ለመናገር አመነታ። የተወገዘውም በዚህና ከተዋሕዶ በኋላ ሁለት ባሕርያት አልልም በማለቱ ነው። ክርስቶስ የነሣው ሥጋ የእኛ ሥጋ ካልሆነ የዳነው የማን ሥጋ ነው?

ለአሉባልታው መነሻ የሆነ አንድ እውነት ግን አለ። በ449 ኤፌሶን ላይ የእስክንድርያው ዲዮስቆሮስ የመራው ጉባኤ አውጣኪን ከውግዘት ፈትቶታል። አውጣኪ ለዚያ ጉባኤ ያቀረበው የእምነት ጽሑፍ በኒቅያና በቀደመው የኤፌሶን ጉባኤ እጸናለሁ የሚል ነበር። ዲዮስቆሮስ ራሱ በ451 ኬልቄዶን ላይ በመጀመሪያው ቀን ሲጠየቅ፣ አውጣኪ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ አሳብ ካለው ቅጣት ብቻ ሳይሆን እሳትም ይገባዋል ብሎ መልሷል፤ ቃሉ በጉባኤው መዝገብ ላይ አለ። ተከታዩ ጢሞቴዎስም በግዞት ሳለ የክርስቶስን ሥጋ ከእኛ ሥጋ የሚለዩትን በደብዳቤ ተከራክሯቸዋል፣ አልመለስ ያሉትንም አውግዟል። በኬልቄዶን ምክንያት የተጋዘ ሰው አውጣኪያውያንን ሲያወግዝ ማየቱ ለዚህ ጥያቄ ይበቃል። ሦስቱም አብያተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ አውጣኪን ከንስጥሮስ ጋር ያወግዛሉ።

«ጉባኤው ዲዮስቆሮስን የሻረው በመናፍቅነት ነው።»

ጥቅምት 13 ቀን 451 በሌለበት ተሻረ። ከቀረቡበት ምክንያቶች ዋነኞቹ የሮሙን ጳጳስ ልዮንን ማውገዙና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አለመምጣቱ ናቸው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አናጦልዮስ በጉባኤው መካከል ቆሞ «ዲዮስቆሮስ የተሻረው ስለ ሃይማኖት አይደለም» አለ። ይህን የተናገረው የሻሪዎቹ ወገን ነው።

«ጠቡ በአንድ ፊደል ነው፤ ከንቱ የቃላት ክርክር።»

በእርግጥም በአማርኛ ስናነበው ልዩነቱ የ«ከ» እና የ«በ» ነው። ነገር ግን አናጦልዮስ ያን የተናገረበትን ቀን፣ ጥቅምት 22ን፣ ቀረብ ብለን እንየው።

በዚያ ቀን የሃይማኖት ውሳኔው ረቂቅ ተነበበ። ክርስቶስ «ከሁለት ባሕርያት» ነው የሚል ነበር። አብዛኞቹ ጳጳሳት በጩኸት ደገፉት። የሮም ልዑካን ግን ተነሡ፤ የልዮን ደብዳቤ፣ ጦማረ ልዮን የምንለው፣ ካልተከበረ ወደ አገራችን እንመለስና ጉባኤው እዚያ ይደረግ አሉ። የንጉሥ መርቅያን ሹማምንትም ጥያቄውን እንዲህ አድርገው ለጳጳሳቱ አቀረቡት፦ ዲዮስቆሮስ «ከሁለት» የሚለውን እቀበላለሁ፣ «ሁለት» የሚለውን አልቀበልም ይላል፤ ልዮን ግን በክርስቶስ ሁለት ባሕርያት አሉ ይላል፤ የማንን ትከተላላችሁ? በዚህ መልክ ሲጠየቁ «የልዮንን» ከማለት ሌላ መውጫ አልነበራቸውም። ጥቂቶች ወደ ቅድስት አውፌምያ ጸሎት ቤት ገብተው ረቂቁን አስተካከሉ፤ ሲወጡም ጽሑፉ «በሁለት ባሕርያት» ሆኖ ነበር።

ለእስክንድርያ ሰዎች ይህ ለምን ከበዳቸው? «ከሁለት» ሲባል መለኮትና ትስብእት ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ ተዋሐዱ፣ ከተዋሕዶ በኋላ ያለው ግን አንዱ ሥጋ የሆነ ቃል ነው ማለት ነው። ከዲዮስቆሮስ በፊት የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው ቄርሎስ «ሥጋ የሆነ የእግዚአብሔር ቃል አንድ ባሕርይ» ያለውም ይህንኑ ነው። «በሁለት» ሲባል ግን ሁለትነቱ ከተዋሕዶ በኋላም ይቀጥላል። ለእነርሱ ባሕርይ የሚለው ቃል አካል ካለው፣ ከሚሠራ ህላዌ ተለይቶ አይታሰብም ነበርና ሁለት ባሕርያት ማለት በአፋቸው ሁለት አካላት፣ ማለትም የንስጥሮስ ትምህርት ሆነ። ጦማረ ልዮን አንዱ በተአምራት ሲያበራ ሌላው ለመከራ ይሰጣል ማለቱ ፍርሃታቸውን አጸናው። ቄርሎስን በጽሑፍ የተቃወሙት ቴዎዶሪጦስና ኢባስ በዚያው ጉባኤ ወደ መንበራቸው መመለሳቸው ደግሞ ጨመረበት።

የኬልቄዶን ወገንም ባዶ እጁን አልነበረም። «ከሁለት» የሚለውን አውጣኪም ይለው ስለነበር፣ ቃሉ ብቻውን እርሱን አይከለክልም ብለው ሰጉ። በውሳኔያቸውም ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለወጥ፣ ያለ መከፈል፣ ያለ መለየት የሚሉትን ጽፈዋል። ባሕርይ ለአንዱ ወገን ምን እንደሆነ የተገነዘበ ሰው፣ ለሌላው ወገን ያው ቃል ሌላ እንደሆነ ካላየ ክርክሩን ከግማሽ በላይ አይረዳውም።

«አርመኖች በጦርነት ምክንያት ስላልተገኙ ነው እንጂ ተቃውሞ አልነበራቸውም።»

በ451 ግንቦት መጨረሻ ገደማ ቫርዳን ማሚኮንያን ከፋርስ ሠራዊት ጋር በአቫራይር ተዋግቶ ወደቀ፤ በፋርስ ሥር ያለችው አርመን በጉባኤው አልተወከለችም። ያልተገኙበትን ጉባኤ ግን በኋላ መርምረውታል። በ506 በድቪን ተሰብስበው የንጉሥ ዘይኖንን የማስታረቂያ ደብዳቤ፣ ሄኖቲኮንን፣ ተቀበሉ፤ በ555 በዚያው ከተማ ኬልቄዶንን በግልጽ አወገዙ። ጎረቤታቸው በፋርስ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን የሁለት ባሕርያትን ቃል አጥብቃ ትይዝ ነበርና፣ «ሁለት ባሕርያት» የሚለውን ሲሰሙ የሚያስቡት የልዮንን ሳይሆን በየቀኑ የሚከራከሩትን ሰው ነበር።

«በ451 ጉባኤው እንደ ተበተነ ተለያዩ።»

መለያየቱ ወደ መቶ ዓመት ፈጅቷል። በእስክንድርያ ከ457 ጀምሮ ሁለት ፓትርያርኮች ይፎካከሩ ነበር፤ ከ482 ሄኖቲኮን በኋላ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ መንበሩ በአመዛኙ ኬልቄዶንን በማይቀበሉ እጅ ነበር፤ በዚህም ዘመን አንዳንድ ጊዜ ከቁስጥንጥንያ ጋር ኅብረት ነበራቸው። አንጾኪያም ከ512 እስከ 518 ኬልቄዶንን በማይቀበለው ፓትርያርክ በሳዊሮስ ሥር ነበረች።

በ518 ኬልቄዶንን የሚደግፈው ንጉሥ ዮስጢኖስ ሲነግሥ ነገሩ ተቀየረ። ሳዊሮስ ወደ ግብፅ ሸሸ፣ በርካታ የሶርያ ጳጳሳትም ከመንበራቸው ተባረሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ችግር በጣም ተግባራዊ ነው። ጳጳስ ከሌለ ቄስ አይሾምም፤ ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም፤ የኒቅያ ቀኖና ደግሞ አዲስ ጳጳስ ለመሾም ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት ይጠይቃል። አረጋውያኑ በግዞት አንድ በአንድ ሲያርፉ ሰንሰለቱ ሊበጠስ ደረሰ።

በ542 ገደማ የጋሳን ዐረቦች አለቃ ሐሪት ንግሥት ቴዎድራን ጳጳሳት እንዲሾሙለት ጠየቀ። በቁስጥንጥንያ በግዞት የነበረው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቴዎዶስዮስም ያዕቆብ ዘእልበረዲን ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ያዕቆብ ብቻውን ጳጳስ መሾም ስለማይችል፣ ቆኖንና ኤውጄንዮስ የተባሉ ሁለት መነኮሳትን ወደ ግብፅ ወስዶ አሾማቸው፤ ሦስት ሆኑ። የዘመኑ ሰው ዮሐንስ ዘኤፌሶን እንደጻፈው በዚህ መንገድ 27 ጳጳሳት ተሾሙ። የተለየ ኅብረት የተወለደው በዚህ ነው፤ ከዚህ በፊት የነበረው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሣ ክርክር ነበር።

«ሦስቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ኖረዋል።»

እርስ በርሳቸውም ተለያይተው ያውቃሉ። የክርስቶስ ሥጋ ከትንሣኤ በፊት ይበሰብስ ነበር ወይስ አይበሰብስም በሚለው በሳዊሮስና በሃሊካርናሱ ዩልያኖስ ክርክር አርመኖችና ሶርያውያን ተለያይተው፣ የታረቁት በ726 በማንዚከርት ጉባኤ ነው። ዛሬም እያንዳንዱ የራሱ መሪ አለው። በዘመናችን አለቆቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት የተሰበሰቡት በጥር 1965 አዲስ አበባ ውስጥ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋባዥነት ነበር።