ጨው፣ ስኳርና መዳብ፦ ስለ ኬሚካል ቦንድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጨው አዮኒክ ስለሆነ ደረቁም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።»

አያስተላልፍም። ቻርጅ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ቻርጁን የተሸከመው ነገር ከቦታ ቦታ መሄድ አለበት። በደረቅ ጨው ውስጥ ቻርጅ የተሸከሙት አቶሞች፣ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች፣ በብርቱ ስለሚሳሳቡ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ንቅንቅ አይሉም። የሚፈቱት ጨው ሲቀልጥ ወይም ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው።

ጅማ ላይ ይህን በክረምት የሚሞክር ተማሪ ግን በቀላሉ ሊሸወድ ይችላል። ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 470 ኦም ሬዚስተርና ትንሽ ኤልኢዲ በሽቦ ያያይዛል። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ሳያነካካ ጨው ውስጥ ሲሰካቸው ኤልኢዲው ደብዘዝ ብሎ ይበራል። «ይኸው፣ አስተላለፈ!» ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። የገበያ ጨው ከእርጥብ አየር ውሃ ይስባል፤ ያስተላለፈው በእያንዳንዱ ቅንጣት ላይ የተለጠፈው ስስ የጨው ውሃ ነው። ጨዉን መጥበሻ ላይ በደንብ አድርቆ፣ ወዲያው ሳይቆይ ቢሞክረው ኤልኢዲው ጸጥ ይላል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ሲያንጠባጥብበት ደግሞ ተመልሶ ይበራል። ሙከራው በባትሪ ብቻ ይሠራ፤ የግድግዳ ሶኬት በፍጹም አይነካ።

«ስኳር ከጨው ቀድሞ የሚቀልጠው ኮቫለንት ቦንድ ደካማ ስለሆነ ነው።»

ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት «ሲቀልጥ የሚላቀቀው የቱ ነው?» ነው። በስኳር ሞለኪውል ውስጥ አቶሞቹን ኤሌክትሮን በማጋራት ያያዘው ኮቫለንት ቦንድ ጠንካራ ነው። አንዱን ሞለኪውል ከጎረቤቱ ጋር የሚያያይዘው ስበት ግን ከዚያ በጣም ይደክማል። ስኳር 186 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀልጥ የሚላላው ይኸኛው ነው። ሙቀቱ ሲቀጥል ስኳሩ ቡናማ ይሆናል፣ ይጠቁራል፤ ኮቫለንት ቦንዱ ራሱ መበጠስ የሚጀምረው ያኔ ነው። በጨው ውስጥ ግን ለብቻው የቆመ ሞለኪውል የለም። አዮን ከአዮን ጋር በሁሉም አቅጣጫ ስለተያያዘ ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል። መጥበሻ ላይ ቢንጣጣም እየቀለጠ አይደለም፤ ቅንጣቱ ውስጥ የታሰረው ውሃ ተንኖ ሲወጣ ይሰነጥቀዋል።

ኮቫለንት ቦንድ ደካማ አለመሆኑን የወንዝ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ያሳያል። ሲሊኮንና ኦክስጅን ከዳር እስከ ዳር በኮቫለንት ቦንድ የተያያዙበት መረብ ስለሆነ፣ ለመቅለጥ 1700 ዲግሪ አካባቢ ይጠይቃል።

«መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሮኖቹ ስለሚነቃቁ የበለጠ ያስተላልፋል።»

ተቃራኒው ነው። የመዳብን አቶሞች በሚያያይዘው ሜታሊክ ቦንድ ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ ሳይሞቁም ነጻ ናቸው፤ ሙቀት ቁጥራቸውን አይጨምርም። የሚጨምረው የአዮኖቹን መንቀጥቀጥ ነው፤ ይህም የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ ያውካል። የመዳብ ሽቦ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ 30 በመቶ ያህል ይጨምራል። 1085 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ እንኳ ማስተላለፉን አያቆምም፤ ከበፊቱ ይቀንሳል እንጂ። ጨው ሲቀልጥ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ መዳብ ሲቀልጥ ይዳከማል፤ በአንዱ የሚጓዙት አዮኖች፣ በሌላው ኤሌክትሮኖች ናቸውና።