ሃይማኖት ምንድን ነው? ጥያቄው በመስቀል አደባባይ ሲፈተን

"ሃይማኖት" የሚለው ቃል ከግዕዙ "አምነ" ጋር በሥር ይዛመዳል። "እምነት"ም ከዚያው ይመጣል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ሃይማኖት ሲባል ቶሎ የሚመጣለት "በምን ታምናለህ?" የሚለው ጥያቄ ነው።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለርም በ1871 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ነበር ያሰበው። ሃይማኖት ማለት በመንፈሳዊ አካላት ማመን ነው አለ። ይህ ይዘት ተኮር ትርጉም ይባላል፤ የሚጠይቀው ሰው ምን እንደሚያምን ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም ግን በ1912 እ.ኤ.አ. ቡድሂዝምን አንስቶ ተከራከረ። እዚያ ዋናው ነገር ከስቃይ መላቀቅ ነው፣ አምላክ የግድ አይደለም። እሱ ያተኮረው ሰው "ቅዱስ" ብሎ በለያቸው ነገሮች ላይ ነው፤ በእነሱ ዙሪያ ያለው እምነትና ሥርዓት ሰዎችን አንድ ማኅበረሰብ ያደርጋል። ከእሱ በኋላ የመጡ አንዳንዶች "ቅዱስ"ንም ትተው ሥራውን ብቻ ያዙ። ሰውን ካስተሳሰረና ለሕይወቱ ትርጉም ከሰጠ ሃይማኖት ነው አሉ። ተግባር ተኮር የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን መስቀል አደባባይ እንቁም። መስከረም 16 ደመራው ይለኮሳል፣ ሕዝቡ ወደየት ይወድቅ ይሆን ብሎ አንገቱን አቅንቶ ይጠብቃል። ሁለቱም ትርጉሞች እዚህ ይስማማሉ።

በደርግ ጊዜ ግን ቦታው አብዮት አደባባይ ነበር። መስከረም 2 ሰልፍ ይወጣል፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች ከፍ ብለው ተሰቅለዋል። መፈክር አለ፣ ሰማዕት አለ፣ የማይነካ ነገር አለ። ተግባር ተኮሩ ይህንንም ሃይማኖት ይለዋል። ዱርካይም ራሱ የፈረንሳይ አብዮት አገርንና ነፃነትን ወደ ቅዱስ ነገር እንደለወጠ ጽፏል። ጥሩ ዓይን ነው፣ ሌላው የማያየውን ያያል። ግን ማቆሚያ የለውም። በዚህ መለኪያ ጎኑ ያለው የአዲስ አበባ ስታዲየም ደጋፊም ሃይማኖተኛ ይሆናል። ፈጣሪ የለም የሚለውን ካድሬና ደመራ የሚያበራውን ቄስ በአንድ ቃል ከጠራን ቃሉ ምን ይለይልናል? እኔ እዚህ ላይ ወደ ይዘት ተኮሩ አደላለሁ።

ኢሬቻ ሲመጣ ግን እኔም እቸገራለሁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ መሐል ይከበራል። እርጥብ ሣር ይዞ ወደ ውኃው ከሚሄዱት መካከል ለዋቄፈታ ተከታዩ ዋቃን ማመስገን ነው። አጠገቡ ያለው ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ባህሌ ነው ብሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል። እምነታቸውን ከጠየቅን በዓሉ ለሁለት ይከፈላል። ሥራውን ከጠየቅን አንድ ነው፣ ግን ለመጀመሪያው ሰው ዋናው የሆነው ዋቃ ከትርጉሙ ይወጣል።

ነገሩ የወረቀት ክርክር ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። አንቀጽ 41 ላይ ደግሞ መንግሥት የባህል ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት ይላል። ሃይማኖት ምን እንደሆነ ግን አልተረጎመም። አንድን በዓል ከሁለቱ በየትኛው ስር እንደምናስገባው የሚወስነው የያዝነው ትርጉም ነው።