የሕክምና ስህተትን ለቤተሰብ መንገር፦ ቦርድ ውስጥ የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ልጁ ተርፏል፤ ቤተሰቡን ለምን እናስደነግጣለን?»

በምሳሌነት ለሆስፒታሉ ቦርድ የቀረበው ጉዳይ ይህ ነው። 16 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከቀዶ ሕክምና ሲወጣ 1.6 ሚሊግራም ሞርፊን በደም ሥር ታዘዘለት። አምፑሉ አንድ ሚሊሊትር ሆኖ 10 ሚሊግራም ስለሚይዝ መቀዳት የነበረበት 0.16 ሚሊሊትር ነው። የተቀዳው ግን 1.6 ሚሊሊትር፣ አሥር እጥፍ ሆነ። ለዚህ ሁለተኛ አምፑል መሰበር ነበረበት፤ ለአንድ ትንሽ ልጅ ይህ ብቻውን እጅን ሊያስቆም ይገባ ነበር። ልጁ ትንፋሹ ቆመ፣ የሞርፊንን ኃይል በሚያከሽፈው መድኃኒት በናሎክሶን ነቃ፣ ሁለት ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። ለወላጆቹ የተነገራቸው «ማደንዘዣው ከብዶት ነው» ተብሎ ነው።

ወላጆቹ እኮ የደነገጡት ያኔ ነው። ሐሰተኛው ምክንያት ደግሞ ራሱ ይጎዳል፦ ነገ ልጁ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው «ማደንዘዣ አይስማማውም» ብለው ሊያስቀሩበት ይችላሉ።

«ከነገርናቸው ፍርድ ቤት ይገትሩናል»

ሊከሱ ይችላሉ፣ መብታቸው ነው። መደበቅ ከክስ ያድናል የሚለው ግን በተግባር ሲፈተን አልጸናም። ኬንተኪ ውስጥ ሌክሲንግተን የሚገኘው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሁለት ከባድ ክሶች ከተረታ በኋላ፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስህተቱን ራሱ እያጣራ ለቤተሰብ መንገርና ካሳ ማቅረብ ያዘ፤ ቤተሰቡ ጨርሶ ያልጠረጠረውን ጭምር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም በ2001 ተመሳሳይ መንገድ ጀመረ። በ2010 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከ100 ሺህ የታካሚ ጉብኝት በወር የሚቀርበው አዲስ የካሳ ጥያቄ ከ7.03 ወደ 4.52 ወርዷል። ይህ የአንድ ተቋም የበፊትና የኋላ ንጽጽር ስለሆነ እኛ አንከሰስም የሚል ዋስትና አይሰጥም። ፍርሃቱ ግን መሠረት እንደሚጎድለው ያሳያል።

«ምርመራው ይለቅና እንነግራቸዋለን»

የመድኃኒቱ መጠን ዛሬ ይታወቃል፤ ዛሬ ይነገር። ለምን እንደተሳሳተ ገና ካልታወቀ «እያጣራን ነው፣ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ተብሎ ቀኑ ይቆረጥ፣ ይከበርም። እስከዚያው ካርዱ ላይ ምንም አይፋቅ።

«ያጠፋችው ነርስ ራሷ ትንገራቸው»

ነርሷን ብቻዋን መላክ እሷንም ቤተሰቡንም መበደል ነው። የሚናገረው ልጁን የያዘው ዋና ሐኪም ነው፤ ከጎኑ ወላጆቹ ወደፊት የሚደውሉለት አንድ ሰው ይቀመጥ። በር የሚዘጋበት ክፍል ይያዝ፣ ወላጆቹም የሚያምኑት ዘመድ ወይም ሽማግሌ አብሯቸው እንዲቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቁ። ዘመዱ አብሮ ይሰማል እንጂ በእነሱ ፈንታ አይነገረውም።

ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «ለልጃችሁ ከታዘዘው አሥር እጥፍ ሞርፊን ሰጥተነዋል። ትንፋሹ የቆመው በዚያ ነው። ማደንዘዣው ነው ያልናችሁ ልክ አልነበረም። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።» «ያልተጠበቀ ነገር ተከሰተ» የሚለው አባባል ይቅር፤ ማን ምን እንዳደረገ ይሸፍናል።

ቦርዱ አስቀድሞ የሚወስነው ሁለት ነገር አለ። የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ሒሳብ ከቤተሰቡ ላይ ይነሳ፤ በዚያ ቀን ደግሞ ምንም ዓይነት የስምምነት ወረቀት እንዲፈርሙ አይጠየቁ።